አንድ ኩንታል ሽምብራ በሞቃት አገር ሳይነቅዝ ማክረም

ሽምብራ የሚረክሰው አዲሱ ምርት ከአውድማ በሚወጣበት በጥርና በየካቲት ስለሆነ፣ የዓመት ሽሮውን የሚያስብ ቤት ኩንታሉን ያን ጊዜ ገዝቶ ያስቀምጣል። እንደ አዳማ፣ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ግን ያው ኩንታል በማዳበሪያ እንደታሰረ ጥግ ላይ ከቆመ፣ ሰኔ ላይ ሲፈታ ከደህናው ፍሬ ይልቅ ዱቄቱና ቀዳዳው ይበዛል። እዚህ የምጽፈው ይህን አንድ ኩንታል ከየካቲት እስከ መስከረም እንዴት እንደምናከርመው ነው። ለምስርና ለቦሎቄም አሠራሩ ያው ነው። በቆሎ ላይ የሚለየውን ቦታው ሲደርስ እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ ነቀዙን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ሽምብራ ውስጥ የሚሮጠው ትንሽ ቡናማ ነቀዝ እህሉን የሚበላው እሱ ራሱ አይደለም። ክንፍ አውጥቶ ከወጣ በኋላ ምንም ሳይበላ ሁለት ሳምንት ገደማ ኖሮ ይሞታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራው መራባት ብቻ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ከፍሬው ቆዳ ላይ አንድ በአንድ ትለጥፋለች። አንድ እፍኝ ሽምብራ መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ ብታዩት፣ ከመርፌ ጫፍ ብዙ የማይበልጥ ነጭ ነጠብጣብ ተጣብቆበት ይታያል። በጣት ቢታሽ ቶሎ አይለቅም። ያ እንቁላሉ ነው። የሚፈለፈለው ትል በቀጥታ ወደ ፍሬው ይገባል፤ ውስጡን እየበላ ያድጋል፣ ሊወጣ ሲቃረብም ከቆዳው ሥር ክብ መስኮት ይፍቃል። መስኮቱ ከውጭ ሲታይ ጠቆር ያለ ክብ ምልክት ነው። ነቀዙ ያንን ገፍቶ ሲወጣ ሁላችንም የምናውቀው ቀዳዳ ይቀራል።

ስለዚህ ከገበያ የመጣው ሽምብራ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይታይበት ውስጡ ተይዞ ሊሆን ይችላል። መንፋትና ማበጠር የሚያስወግደው የወጣውን ነቀዝ ብቻ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ትል በወንፊት አይወጣም። በበቆሎ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የበቆሎዋ ነቀዝ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን መልሳ ስለምትደፍነው፣ ነጩ ነጠብጣብ እንኳ አይታይም።

ሙቀቱ የሚያደርገውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 30 ዲግሪ አካባቢ ባለ ሙቀት የሽምብራ ነቀዝ ከእንቁላል እስከ መውጣት የሚፈጅበት አንድ ወር ያህል ነው። ኩንታሉ ሲገባ 10 ሴት ነቀዝ ብቻ ነበሩበት እንበል። እያንዳንዷ 60 እንቁላል ብትጥልና ግማሹ ቢበላሽ 30 ነቀዝ ይወጣል፤ ከነዚህ 15ቱ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ወር 150 ሴት፣ በሁለተኛው 2,250፣ በሦስተኛው 33,750 ይሆናሉ። አንዱ ፍሬ 0.2 ግራም ቢመዝን በኩንታሉ ውስጥ 500,000 ፍሬ አለ። አራተኛው ትውልድ በዚሁ ስሌት ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል፤ ማለትም ከፍሬው ቁጥር በላይ ነው። ሚያዝያ ላይ «ትንሽ ነክቶታል እንጂ ደህና ነው» የተባለ ሽምብራ ሰኔ ላይ ጭራሽ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ትንሽ ሲመስል ነው ጊዜው የሚያልቀው።

እንግዲህ ሥራው ሁለት ነው፤ ውስጥ ያለውን መግደል፣ ከዚያ አየር በማይገባበት ዕቃ መዝጋት። ከሁለቱም በፊት ግን እርጥበቱ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ርጥብ እህል አየር በማይገባበት ዕቃ ከተዘጋ ከነቀዝ ድኖ በሻጋታ ይሞታል።

የጥራጥሬ እርጥበት 12 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ የበቆሎ ደግሞ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ቤት ውስጥ መለኪያ ስለሌለ በጨው እንሞክረዋለን። ጨውን መጀመሪያ ምጣድ ላይ አሙቆ ማድረቅ፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ ነው። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛ ድረስ ሽምብራ ይጨመርበትና ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይገባበታል። ክዳኑ ተዘግቶ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ ይነቀነቅና ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ ወደ ሸራው ይመለስ። ጨው ካልተለጠፈ ግን ከ15 በታች ነው ማለት እንጂ 12 ደርሷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ጨው መለጠፍ ካቆመ በኋላም እህሉን አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ማስጣት ያስፈልጋል። ጥርስም ይረዳል። የደረቀ ሽምብራ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል እንጂ አይደፈጠጥም፣ የጥርስ ምልክትም አይዝም።

በየካቲት የተገዛ ሽምብራ ብዙ ጊዜ ደርቆ ስለሚመጣ አንድ ቀን ፀሐይ ይበቃዋል። በሐምሌ የተገዛው ግን ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ነው የሚመጣው፤ በክረምት ደግሞ ማስጫ ፀሐይ የለም። ለመክረም የሚሆነውን በክረምት አትግዙ የምለው ዋጋው ስለሚወደድ ብቻ አይደለም።

ሲሰጣ ከመሬት ጋር መነካካት የለበትም። ሸራ ላይ ከ3 ሳንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት አንጥፎ በየሰዓቱ ማገላበጥ፣ ፀሐይ ሲያዘነብል ደግሞ መሰብሰብ ነው። ውጭ ያደረ እህል ቀን ያጣውን እርጥበት ሌሊት መልሶ ይጠጣል።

አሁን ውስጥ ያለውን ትል የመግደል ሥራ ይመጣል። ተራ ፀሐይ ነቀዙን ያሸሸዋል እንጂ ትሉን አይገድለውም። የሚገድለው የታመቀ ሙቀት ነው፤ ለዚህም ሁለት ላስቲክ ያስፈልጋል፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ፣ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር በ3 ሜትር። መጀመሪያ መሬቱ ላይ ደረቅ ገለባ ይነጠፋል፤ ገለባው የሚያስፈልገው ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ነው። ከላዩ ጥቁሩ ላስቲክ ይዘረጋል፣ ሽምብራው በስሱ ይበተንበታል፣ ከዚያም ነጩ ላስቲክ ይሸፍነዋል። ዳር ዳሩ ታጥፎ ድንጋይ ይጫንበታል። በዚህ ስፋት በአንድ ጊዜ 50 ኪሎ ይበቃል፤ ኩንታሉ ሁለት ቀን ይፈጃል ማለት ነው። እህሉን አወፍሮ በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር ከላይ ያለውን አሙቆ ከታች ያለውን ማዳን ነው።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ደመና ሳይጋርደው ከቆየ በላስቲኩ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ57 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያ ሙቀት አንድ ሰዓት ከቆየ እንቁላሉም፣ ትሉም፣ ነቀዙም ያልቃል። እጃችሁን ከላስቲኩ ሥር አስገብታችሁ እህሉን ጨብጣችሁ መያዝ ካልቻላችሁ ሥራው እየተሠራ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የነጩን ላስቲክ የውስጥ ገጽ ተመልከቱ። የውሃ ጠብታ ካረገዘ እህሉ ገና አልደረቀም፤ ላስቲኩን አንሥታችሁ ያን ቀን በክፍት ፀሐይ አስጡት። በርጥብ እህል ላይ ሙቀት ከታመቀ ፍሬው ይቀቀላል እንጂ አይጠበቅም።

ለዘር የሚቀመጥ ከሆነ ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አትደጋግሙበት። ከመዝራትም በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንቱ እንደሚበቅል መቁጠር ነው።

ከፀሐይ የተነሣ ትኩስ እህል ወዲያው ዕቃ ውስጥ አይገባም። በደንብ ደርቆ ነበር የተባለ ሽምብራ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ሻግቶ የሚገኘው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። ትኩሱ እህል ውስጥ ያለው አየር እርጥበት ተሸክሟል፤ ሌሊት የዕቃው ግድግዳና ክዳን ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት እዚያ ላይ ወዝ ሆኖ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ሸራ ላይ ይበተንና እጅ ሲያስገቡት ቀዝቀዝ እስኪል ይጠበቃል። ግን እስከ ነገ አታሳድሩት። የተከፈተ እህል አጠገብ ነቀዝ ያለበት ሌላ ጆንያ ካለ ያው ሌሊት እንቁላል ይጣልበታል። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ፣ እስከ 12 ሰዓት ጥላ፣ ማታ ዕቃ ውስጥ።

ዕቃው ላይ የእኔ ምርጫ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። ርካሽ ነው፣ አይጥ በቀላሉ አይበሳውም፣ ልጅም ያነሣዋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘይቱ እስኪለቅ ይታጠብና አፉ ተደፍቶ ሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል፤ ጠረኑ ቢቀር እንኳ ውስጡ አንድ ጠብታ ውሃ እንዳይቀር። የኬሚካል ወይም የጋዝ የነበረ ጀሪካን በፍጹም አይሆንም። ከዚያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ ተጫኑት። ከክዳኑ ሥር ወይም ከመያዣው ስፌት አረፋ ከወጣ ያ ጀሪካን ለውሃ እንጂ ለእህል አይሆንም። ክዳኑ ብቻ ከሆነ የሚያስተነፍሰው፣ እጥፍ ላስቲክ ከሥሩ አድርጎ ማጥበቅ ወይም ከዘጉ በኋላ ዙሪያውን የሻማ ሰም ማንጠባጠብ ያድነዋል።

አንድ ጀሪካን እንደ ፍሬው መጠን ከ15 እስከ 16 ኪሎ ሽምብራ ይይዛል። ኩንታሉ ስድስት ጀሪካን ይሞላል፤ የሚተርፈው ጥቂት ኪሎ ለመጀመሪያው ሽሮ ይሆናል። ሲሞላ መሬት ላይ ጠበቅ ጠበቅ እያደረጉ ማስረገጥና እስከ አንገቱ መሙላት ነው። ይህ ለቦታ ቁጠባ አይደለም። ዘዴው የሚሠራው፣ ከሙቀቱ የተረፈ ነቀዝ ካለ የታሸገበትን ኦክስጅን ራሱ ተንፍሶ ስለሚጨርሰው ነው። አየር ውስጥ 21 በመቶ ኦክስጅን አለ፤ ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ ትሉ መብላት ያቆማል። የሚገድለው መታፈኑ ብቻ አይደለም። ነቀዝ በደረቅ እህል ውስጥ ውሃ አይጠጣም፤ የሚያስፈልገውን ውሃ ከሚበላው ምግብ በኦክስጅን አማካይነት በሰውነቱ ውስጥ ይሠራል። ኦክስጅኑ ሲጠፋ ውሃውም ይቀራል፣ ደርቆም ይሞታል።

ሙሉ ጀሪካን ውስጥ በፍሬዎቹ መካከል የሚቀረው አየር 8 ሊትር ገደማ ነው። ግማሽ ብቻ ከሞላ ግን 14 ሊትር አየር ይኖራል፤ እህሉ በግማሽ ቀንሶ አየሩ በእጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ነቀዙም አየሩን እስኪጨርስ አንድ ትውልድ ይተካል። ለዚህ ነው ግማሽ ጀሪካን የሚነቅዘው።

ከዘጋችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር አትክፈቱት። «እስኪ ልየው» ብሎ በየሳምንቱ መክፈት በየሳምንቱ አዲስ አየር መስጠት ነው። ለመከታተል ከፈለጋችሁ፣ ከዚያው ሽምብራ ሁለት እፍኝ በትንሽ ሃይላንድ አድርጋችሁ አፉን በስስ ጨርቅ አስራችሁ ከጀሪካኖቹ አጠገብ አስቀምጡ። አየር ስለሚያገኝ ትሉ ሳይሞት ከቀረ እዚያ ይወጣል። በ40 ቀን ውስጥ ነቀዝ ካልታየበት የላስቲኩ ሙቀት ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ ከታየበት ግን ጀሪካኖቹን ሳትከፍቱ ተጨማሪ ጊዜ ስጧቸው።

ብዙ ኩንታል ላለው ሰው ጀሪካን አያዋጣም። ለዚያ ባለ ሦስት ንብርብሩ ከረጢት አለ፤ ገበያ ላይ ፒክስ የሚባለው ነው። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ የተሸመነ ማዳበሪያ ከውጭ ነው። ከመሙላታችሁ በፊት ሁለቱንም ላስቲኮች አየር ሞልታችሁ አፋቸውን ጨብጡና ተጫኑ፤ የሚያፏጭ ቀዳዳ ካለ ፊታችሁ ላይ ይሰማችኋል። አሞላሉ ላይ የውስጠኛው ላስቲክ ከመካከለኛው ጋር እንዳይጣመም እየሞሉ ዙሪያውን ማስተካከል፣ ከላይ ለማሰሪያ የሚሆን ሁለት ስንዝር ላስቲክ መተው ነው። ሲታሰር የውስጡን ብቻውን ጠምዝዞ፣ አጥፎ በገመድ ማጥበቅ፤ ቀጥሎ መካከለኛውን እንዲሁ፤ ቀጥሎ የውጩን። ሦስቱን በአንድ ላይ ማሰር ከተራ ማዳበሪያ አይለይም፣ በእጥፋቶቹ መካከል አየር ይገባል። ከታሰረ በኋላ አይጎተት፣ መንጠቆም አይነካው። የሚነሣው ከሥሩ ታቅፎ ነው። በቆሎ ሲሆን የቆረቆንዳ ስብርባሪ ላስቲኩን ስለሚበሳ መንፋቱ ላይ አትሳሱ። ሳይበሳ ከተረፈ ከረጢቱ ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል።

አመድ የሚጠቀሙ አሉ፤ አያቶቻችንም ተጠቅመውበታል፣ ይሠራልም። ግን የሚሠራው በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙ እንዳይንቀሳቀስ ሲያደርግ ነው። ጤፍ ውስጥ መቅበርም የሚሠራው በዚያው ምክንያት ነው። ለ4 ጣሳ ሽምብራ ቢያንስ 3 ጣሳ የተነፋ ደረቅ አመድ ያስፈልጋል። ከላይ ሁለት እፍኝ በትኖ «አመድ አደረግሁበት» ማለት አያድንም።

ስለ ነቀዝ ክኒን ግን በግልጽ መናገር አለብኝ። ገበያ ላይ በብልቃጥ የሚሸጠው ያ ግራጫ ክኒን ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በማዳበሪያ ውስጥ ተጨምሮ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከተቀመጠ ጋዙ በሽመናው ወጥቶ ቤተሰቡን ይገድላል። ጋዙ ስለሚሾልክም ፍሬው ውስጥ ያለው ሁሉ አይሞትም፤ ከወር በኋላ ነቀዙ ይመለስና ሰው ክኒኑን ይጨምራል። መኖሪያ ቤት ውስጥ ለዚህ ክኒን ምንም ቦታ የለም። ጀሪካኑ ያለ መርዝ ይሠራዋል።

ማስቀመጫው ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አጠገብ አይሁን። በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ በሆነው ጥግ ይደርደር። ይህ ለነቀዝ ብቻ አይደለም። በሙቀትና በእርጥበት ወራት የቆየ ጥራጥሬ አንድም ነቀዝ ሳይነካው ድንጋይ ይሆናል፤ ቢዘፈዘፍም ቢቀቀልም አይበስልም። ያ የሚመጣው ፍሬው ውስጥ በሙቀት ከሚከሰት ለውጥ ነው፤ አንዴ ከሆነ በኋላ አይመለስም። ለቅቅል የሚፈለገውን በጣም ቀዝቃዛው ቦታ፣ ለሽሮ የሚሆነውን በቀረው ቦታ ማድረግ ይቻላል።

ጀሪካን ተከፍቶ የሻገተ ጠረን ከሸተተ ወይም ፍሬው ተጣብቆ ጓል ከሠራ፣ የሻገተውን ለይቶ ቀሪውን ማጠብ አያዋጣም። ከሻጋታ የሚመጣው መርዝ በማጠብም በመቁላትም አይጠፋም፤ ለምትታለብ ላም ቢሰጥ እንኳ ወደ ወተቱ ይገባል። ይቀበር። በቆሎና ለውዝ ላይ ደግሞ ይህ መርዝ ከሽምብራ ይልቅ ይበዛል።

የተከፈተ ጀሪካን በአንድ ቀን ተገልብጦ ወደ ባለ 2 ሊትር ደረቅ ሃይላንዶች ይከፈላል፤ አንዱ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ይይዛል። አንዱ እየተበላ ሌሎቹ እስከ አፋቸው ሞልተው እንደተዘጉ ይቆያሉ። በጀሪካኖቹ ላይ የተዘጋበትን ቀን ጻፉ፤ መጀመሪያ የሚከፈተው ክዳኑ ብዙ የማያስተማምነው ይሁን፣ በሰም የታሸገው ደግሞ ለነሐሴ ይቆይ።